ሮቶው ሌሊት ምን ያደርጋል?

በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃው በመጣ ሌሊት ሮቶው ይሞላል፤ ቤተሰቡም እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ከዚያ እየቀዳ ይቆያል። ሮቶው ቀኑ ሳይደርስ ሲደርቅ ግን ጭቅጭቅ ይነሳል። ፈረቃው ተዘሎ ነው? ልብስ ስለበዛ ነው? እንግዳ ስለሰነበተ ነው? ወይስ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው? ከሳምንት በፊት ውሃው የት እንደነበር የሚያስታውስ ስለሌለ መልሱ ሁሉ ግምት ነው። ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ልብስና ዕቃ በምታጥበው ሠራተኛ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥያቄው ግን መልስ አለው። የውሃውን ከፍታ በየአምስት ደቂቃው የሚለካ ሴንሰር፣ ልኬቱን የሚያጠራቅም ትንሽ ዳታቤዝና የአራት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃል። የአንድ ቀን ልኬት ዛሬ ስንት ውሃ እንዳለ ብቻ ይነግረናል። አራት ሳምንት ሲደራረብ ግን ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠቀመውና መቼ ማንም ሳይጠቀምበት እንደሚጎድል ይታያል።

አንድ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። ግቢው ውስጥ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ፤ የውስጥ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1.10 ሜትር ነው። ክብ ስለሆነ የወለሉ ስፋት 0.95 ካሬ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ውሃው አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር 9.5 ሊትር ሄዷል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር እንያዛት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

ሴንሰሩ ክዳኑ ሥር ተሰቅሎ ቁልቁል የሚያይ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ የሚልክ ነው። ድምፁ የውሃውን ገጽ መትቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። ሮቶ ውስጥ እርጥበት ስለማይጠፋ ጭንቅላቱ ውሃ የማያስገባው ዓይነት መመረጥ አለበት። ይህ ዓይነቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቅርብ የሆነውን ነገር አያይም፤ ስለዚህ ሮቶው ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ከውሃው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ከመሙያው ቧንቧም ራቅ ይበል፤ አለዚያ ቧንቧውን ውሃ ነው ብሎ ይለካል። አንዳንዴ ከግድግዳው ወይም ሴንሰሩ ላይ ከተንጠለጠለች ጠብታ የተሳሳተ ማሚቶ ይመለሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በተከታታይ ሰባት ጊዜ መለካትና ሰባቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መካከለኛዋን መያዝ። አንድ የተሳሳተ ልኬት አማካዩን ያዛባል፤ መካከለኛዋን ግን አይነካትም።

ልኬቱን ተቀብሎ የሚመዘግበው ራስበሪ ፓይ የሚባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሴንሰሩ በ5 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ምልክቱ በሁለት ሬዚስተር ተከፍሎ ወደ 3.3 ቮልት መውረድ አለበት፤ ያለዚያ የኮምፒውተሩ እግር ይቃጠላል።

ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካዊ በ2000 ያወጡት ሲሆን ማንም በነፃ ይጠቀምበታል፤ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥም አለ። ሰርቨር አይፈልግም፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ለእኛ አገር ሁኔታ ትልቁ ጥቅሙ ግን መብራት ሲጠፋ የሚታይ ነው። በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ያች አንዲት መስመር ወይ ሙሉ በሙሉ ገብታለች ወይ ጭራሽ አልገባችም፤ ግማሽ ተጽፎ የሚቀር ነገር የለም። ሜሞሪ ካርዱ ራሱ በመብራት መቆራረጥ ሊበላሽ ስለሚችል ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጂ መውሰድ ተገቢ ነው። ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል፦

```sql
CREATE TABLE tank (
  id      INTEGER PRIMARY KEY,
  t       INTEGER,
  echo_us REAL,
  temp_c  REAL
);
```

በየአምስት ደቂቃው አንድ መስመር ሲገባ በቀን 288፣ በአራት ሳምንት 8,064 መስመር ይሆናል። ለኮምፒውተር ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ ፋይሉ አንድ ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በሰዓት አንዴ መመዝገብ አያስፈልግም። አምስት ደቂቃው ለምን እንደሚጠቅም ሌሊቱ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ሰንጠረዡ ውስጥ ሊትርም ሳንቲ ሜትርም የለም። የሚመዘገበው ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ በማይክሮ ሰከንድና የሮቶው አየር ሙቀት ነው፤ ማለትም ጥሬው ልኬት። ብዙ ጀማሪዎች ሊትሩን እዚያው አስልተው ጥሬውን ይጥሉታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሌቱ ስህተት እንደነበረበት ሲያውቁ የሚያርሙበት ነገር አይኖራቸውም። ጥሬው ካለ ግን ያለፈውን ወር በሙሉ በአንድ ትእዛዝ እንደ አዲስ ማስላት ይቻላል።

ስህተቱ ደግሞ መኖሩ አይቀርም፤ ምንጩም ሙቀት ነው። ድምፅ በሞቃት አየር ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛ ይዘገያል። በ20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በ0.6 ሜትር ያድጋል። ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ያለው አየር ሌሊት 14፣ ቀትር ላይ 38 ዲግሪ ቢሆን፣ ሴንሰሩ ከውሃው በ80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሳለ ልኬቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይዋዥቃል። ይህ 30 ሊትር ገደማ ነው። ውሃው ምንም ሳይነካ ግራፉ ቀን ቀን ሮቶው የሞላ፣ ሌሊት ሌሊት የጎደለ ያስመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ሳያቋርጥ በየቀኑ መደጋገሙ ነው፤ ተመልካቹ «ይኸው ሥርዓት ያለው ነገር አገኘሁ» ብሎ ያምናል። ያገኘው ግን ፀሐይን ነው።

ለዚህ ነው የሙቀት መለኪያ እዚያው ሮቶው ውስጥ፣ ከውሃው በላይ ባለው አየር ላይ መንጠልጠል ያለበት። ስሌቱ የሚሠራው በኋላ፣ ውሂቡን ከዳታቤዙ ስናወጣ ነው፦

```sql
SELECT date(t,'unixepoch','-3 hours') AS day,
       strftime('%H',t,'unixepoch','-3 hours') AS hour,
       avg(echo_us*(331.3+0.606*temp_c)/20000.0) AS gap_cm
FROM tank
GROUP BY day, hour;
```

ቅንፉ ውስጥ ያለው በዚያች ደቂቃ ሙቀት የድምፁ ፍጥነት ነው። ለ20,000 መከፈሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ድምፁ ሄዶ ስለተመለሰ ርቀቱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ መለኪያውንም ወደ ሳንቲ ሜትር ይቀይረዋል።

ከትእዛዙ ውስጥ በጣም የምወዳት ግን '-3 hours' የምትለዋ ናት። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እንዲህ መሆኑም ትክክል ነው። የአገራችን ሰዓት ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ተደምሮ ስድስት ሲቀነስ ተቀናሽ ሦስት ይቀራል። በዚህች ትንሽ ማስተካከያ ግራፉ ላይ ያለው ቀን ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ 01 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ 13 ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ 19 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ይህ ለዓይን ማማር ብቻ አይደለም። ውሃ በብዛት የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቆረጥ አንዱ ሙሊት ለሁለት ቀን ተከፍሎ ይታይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ሙሉ ለሙሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ግራፉ እንምጣ። በመጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ የአራት ሳምንቱን የውሃ ከፍታ በአንድ ረዥም መስመር መሣል ነው። ይህ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይታያል፤ ከዚያ በላይ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሐሳብ በየሰዓቱ ያለውን ከፍታ አማካይ መውሰድ ሲሆን እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ የመጣበትን ሌሊትና ያልመጣበትን ሌሊት አንድ ላይ ጨፍልቆ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል።

የሚሻለው ከፍታውን ትቶ ለውጡን ማየት ነው። የአንዱን ሰዓት ርቀት ከቀጣዩ ሰዓት ርቀት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በ9.5 ማባዛት በዚያ ሰዓት ስንት ሊትር እንደገባ ወይም እንደወጣ ይሰጠናል። ከዚያ ሰንጠረዥ እንሠራለን፤ እያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዓምድ። ውሃ የገባበትን ሳጥን ሰማያዊ፣ የወጣበትን ቀይ እንቀባዋለን፤ መጠኑ ሲበዛ ቀለሙ ይደምቃል። ይህን በፓይተን መሣል ይቻላል፤ ፓይተን የማያውቅ ሰውም ቁጥሮቹን ወደ ኤክሴል ወስዶ በዚያው ሊቀባቸው ይችላል።

ሃያ ስምንቱ ረድፎች ሲደረደሩ የምሳሌ ቤታችን ኑሮ ፊት ለፊት ይወጣል። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት በየሳምንቱ ሰማያዊ አለ፤ ስለዚህ ፈረቃው አልተዘለለም፤ ያ ክርክር እዚህ ላይ አበቃ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ምሽት ደግሞ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ቀይ መቀነት ይታያል፤ ቤተሰቡ የሚታጠብበትና ዕቃ የሚጸዳበት ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደመቅ ያለ ቀይ አለ፤ ልብስ ነው። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው በስተቀኝ በኩል፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባሉት ዓምዶች ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደው የፈዘዘ ቀይ ሰረዝ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ተኝቷል፤ ሳጥኖቹ ባዶ መሆን ነበረባቸው።

ይህን ሰረዝ ዝም ብሎ ማመን አይገባም። ውሃ የመጣባቸውን ስምንት ሌሊቶች እናውጣ፤ ሙሊቱ ፍሳሹን ይሸፍነዋልና። ሃያ ይቀራሉ። ሦስቱ መብራት ጠፍቶ ልኬት የሌለባቸው ናቸው እንበል፤ አሥራ ሰባት ሌሊት አለን። በአሥራ ሰባቱም ርቀቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል፤ ለምሳሌ ከ62 ወደ 64። ይህ 19 ሊትር፣ በሰዓት ከ6 ሊትር በላይ፣ በቀን ደግሞ 150 ሊትር ያህል ነው።

ፍሳሽ ነው ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። አንደኛው ሌሊት ሽንት ቤት የሚነሳ ሰው ስለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ ወደ አምስት ደቂቃው ልኬት እንመለሳለን። አንድ ሰው ሽንት ቤት ውሃ ሲለቅ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሊትር በአንዴ ይሄዳል፤ በአምስት ደቂቃው ግራፍ ላይ እንደ ደረጃ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፍሳሽ ግን ያለ ደረጃ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ መስመር ነው። በሰዓት አንዴ ብቻ ብንመዘግብ ኖሮ ሁለቱን መለየት ባልቻልን ነበር።

ሁለተኛው የሙቀት ቅሪት ነው። የሙቀት መለኪያው በትክክል ካልሠራ፣ ሌሊቱ አራት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሐሰት ጉድለት ይፈጠራል። የሐሰቱ መጠን ግን ሴንሰሩ ከውሃው በራቀ ቁጥር ያድጋል፤ ርቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 2 ሊትር፣ 120 ሲሆን 8 ሊትር ይደርሳል። የእኛ ግራፍ ሮቶው በሞላ ማግስትም ሊያልቅ በተቃረበበትም ሌሊት ያንኑ 19 ሊትር ያሳያል። ስለዚህ ሙቀት አይደለም። ይህ እኩልነት ፍሳሹ ያለበትን ቦታ ጭምር ይጠቁማል። ከሮቶው ሥር የተሰነጠቀ ቧንቧ ቢሆን ሮቶው ሲሞላ ግፊቱ ስለሚጨምር ፍሳሹም ይበረታል። የሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ግን የራሱ ተንሳፋፊ ስላለው ውሃውን ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ይይዛል፤ ታች ያለው ጎማ ካረጀ ሮቶው ሞላ ጎደለ የሚያፈስሰው አንድ ዓይነት ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ራሱ ነው። ራስበሪ ፓይ ባትሪ ያለው ሰዓት ካልተገጠመለት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ መጨረሻ ካስቀመጠው ሰዓት ላይ ተነስቶ ይቆጥራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሆነው ነገር 7 ሰዓት ላይ ሊመዘገብ ይችላል። ማወቂያው id የሚለው ቁጥር ነው፤ id እየጨመረ t ወደ ኋላ የሚመለስበት፣ ወይም በአንድ መስመር ልዩነት ሰዓታት የሚዘልበት ቦታ ካለ በዚያ መካከል ያለውን ሌሊት ከስሌቱ ማውጣት ነው። ዘላቂው መፍትሔ ግን የክብ ባትሪ ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር ማያያዝ ነው። መብራት በሌለበት ጊዜ ደግሞ በልኬቱ ቦታ ዜሮ መጻፍ አይገባም። ባዶ ይተው፤ ግራፉም ሲሣል ክፍተቱን በመስመር አያገናኘው። ዜሮ የተጻፈበት ግራፍ ውሃው ክዳኑን የነካ፣ የተገናኘ መስመር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የፈሰሰ ያስመስላል።

የቀረው ማረጋገጥ ነው። ማታ ከመተኛት በፊት የምግብ ቀለም በሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጠብ አድርጎ፣ ውሃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት መቆየት። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው ያስገባል ማለት ነው። ካልታየ አንድ ሌሊት ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን ቫልቭ ዘግቶ ግራፉን ማየት ነው፤ መውረዱ ከቆመ ፍሳሹ ቤት ውስጥ ነው፣ ካልቆመ ሮቶው ራሱ ወይም እስከ ቫልቩ ያለው ቧንቧ ነው። ጎማው የተቀየረበትን ቀንና ሰዓትም እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ በሌላ ሰንጠረዥ መጻፍ ይገባል። ከወር በኋላ ግራፉ በየትኛው ረድፍ ላይ ለምን እንደተለወጠ የሚነግረን ያ ማስታወሻ ብቻ ነው።

አሁን ሮቶው ለምን እንደሚደርቅ እናስላ። ቤተሰቡ በቀን 180 ሊትር ይጠቀማል፤ 150 በፍሳሽ ይሄዳል፤ በድምሩ 330። ዓርብ ሌሊት የሞላው 1,000 ሊትር ከቅዳሜ ንጋት ጀምሮ ሦስት ቀን ይቆይና ማክሰኞ ጠዋት ያልቃል፤ ውሃው የሚመጣው ደግሞ ማክሰኞ ሌሊት ነው። ጎማው ሲቀየር በዚያው ጊዜ የሚወጣው 675 ሊትር ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ሮቶው ውስጥ 325 ሊትር ይተርፋል። ሁለተኛ ሮቶ መግዛትም፣ ሠራተኛዋን መቆጣትም አያስፈልግም ነበር።

የዚህ ዘዴ ወሰንም ይታወቅ። ሴንሰሩ ከሦስት ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ለውጥ እምብዛም አይለይም፤ ይህ በዚህ ሮቶ ላይ 3 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ በሰዓት ከአንድ ሊትር በታች የሚንጠባጠብ ቧንቧ በዚህ ግራፍ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አይታይም። እሱን ለማግኘት መውረጃው ላይ የውሃ ቆጣሪ መግጠምና ማታና ጠዋት ማንበብ ያስፈልጋል።